አሥር ቀንስ፣ ነጥብ አስገባ

ሰው በማያውቀው ነገር ቢሳሳት ይቅር ይባላል። እኔ የተሳሳትኩት ግን አውቀዋለሁ ብዬ ሌላውን ባስተማርኩት ነገር ነው። ነገሩ የጎማ ነፋስ ነው። የመኪናው ወረቀት በባር ይናገራል፣ የጎሚስታው መለኪያ በፒኤስአይ ያነባል፣ መሃል ላይ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ማንም ሳይሾመኝ።

ማስታረቂያዬም የራሴ ፈጠራ ነበረች፦ ከፒኤስአዩ ላይ አሥር ቀንስ፣ ከቀረው መሃል ነጥብ አስገባ። 33 ነው? አሥር ሲቀነስ 23፣ ነጥብ ሲገባ 2.3 ባር። ሲመለስ ደግሞ ነጥቡን ታወጣና አሥር ትደምራለህ። ስልክ አያስፈልግ፣ እርሳስ አያስፈልግ፤ ትምህርት ቤትም የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር።

ደንቧ የተወለደችው ቡራዩ ነው። ቪትዜ እንደ ብዙዎቹ ከጃፓን የመጣች ናት፤ የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከላይ እስከ ታች በጃፓንኛ የተጻፈ ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የማነበው 230 የምትለዋን ቁጥር ብቻ ነው። እሷ በኪሎፓስካል ናት። መቶ ኪሎፓስካል አንድ ባር ስለሆነ 230 ማለት 2.3 ባር ነው። ይህን በትክክል ነው የተረዳሁት፤ ከዚህ በኋላ ልክ የሆንኩበት ቦታ እምብዛም ስለማይገኝ ይመዝገብልኝ።

ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሠራው ጎሚስታ ቱቦውን ይዞ፣ «ስንት ልሙላ ጋሼ?» አለኝ። «2.3» አልኩት በኩራት። ፈገግ ብሎ «ያ 33 ነው» አለና ሞላ። ሌላ ጊዜ የጎረቤቴን መኪና ይዤ ሄድኩ፤ የእሱ ወረቀት 220 ይላል። ልጁም 32 ሞላ። ቤቴ ስገባ በአእምሮዬ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። 33 እና 2.3፤ 32 እና 2.2። ከሁለቱም ላይ አሥር ሲነሳ ልክ ይመጣል። ኒውተንም ቢሆን ከአንድ ፖም በላይ አላስፈለገውም ይባላል፤ እኔ ሁለት ጎማ ነበረኝ። ሕግ አወጣሁ።

ክፋቱ ደንቧ መሥራቷ ነው። አንድ ሰው 30 ፒኤስአይ ስንት ነው ቢለኝ 2.0 እለዋለሁ፤ እውነተኛው 2.07 ነው። 31 ቢለኝ 2.1፤ እውነተኛው 2.14። 34 ቢለኝ 2.4፤ እውነተኛው 2.34። የጎሚስታ መለኪያ ቀስቷ ራሷ ከዚህ ስህተት ትወፍራለች። የቡራዩ ትናንሽ መኪኖች፣ ቪትዙም ያሪሱም ኮሮላውም፣ ኑሯቸው በ30 እና በ35 መካከል ነው። ስለዚህ የሚያጋልጠኝ ሰው አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ስለ ነፋስ ክርክር ሲነሳ «እሱን ጠይቁት» መባል ጀመረ። እኔም ከመመለሴ በፊት ዓይኔን ወደ ሰማይ ማንሳት ለመድኩ፤ ከባድ ሒሳብ እየሠራሁ እንዲመስል።

ዝናዬ ሰበታ ደረሰ። የሚስቴ ታናሽ ወንድም እዚያ ነው የሚኖረው፤ ከአውሮፓ የመጣች አሮጌ የዕቃ ቫን አለችው፣ ብሎኬትና ሲሚንቶ ያመላልስባታል። የቫኗ ወረቀት፣ ሙሉ ጭነት ሲኖር የኋላ ጎማ 4.5 ባር ይሁን ይላል። የሰፈሩ ጎሚስታ መለኪያ ደግሞ ፒኤስአይ ብቻ ነው። ደወለልኝ። «ጋሼ፣ 4.5 ስንት ነው?» ዓይኔን ወደ ሰማይ አነሳሁ፤ በስልክ እንደማይታይ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ነጥቡን አውጣ፣ 45፤ አሥር ጨምር፣ 55። «አምሳ አምስት» አልኩት። አመሰገነኝ፤ መርቆኝም ዘጋ።

እውነተኛው መልስ 65 ነው። አሥር ፒኤስአይ አጎደልኩበት ማለት ነው። 55 ፒኤስአይ ወደ ባር ሲመለስ 3.8 ገደማ ነው፤ ጎማው ከሚገባው ነፋስ በግምት ከስድስት እጅ አንዱን ሳያገኝ ብሎኬት ተሸከመ። ነፋስ ያነሰው ጎማ በጭነት ጊዜ ጎኑ ይለጠጣል፣ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል ይዘረጋል፣ ያ መታጠፍ ሙቀት ይፈጥራል። ሾፌሩ ግን ወዲያው አያውቀውም። የሚያውቀው ሲቆም ወርዶ የጎማውን ጎን በእጁ ቢነካና ከሌሎቹ ይልቅ ሲፈጀው ቢያገኘው ነው፤ ይህን ደግሞ ማን ያደርጋል? አማቼም አላደረገም። ነፋሱን እንደሆነ ሊቅ አስልቶለታል።

ነገሩ የታወቀው ጎማው ያለ ጊዜው ሲያልቅ ነው። የሰበታው ጎሚስታ ጎማውን ከቸርኬው አውርዶ መሬት ላይ አጋደመና በጣቱ አሳየው። መሃሉ ላይ ጥርሱ ገና አለ። ሁለቱ ዳርቻዎች ግን ተላጭተው ለስልሰዋል። «ይሄ ነፋስ አንሶት የኖረ ጎማ ነው» አለው። ነፋስ የጎደለው ጎማ መሃሉ ወደ ውስጥ ይገባና በዳርና ዳሩ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዳሩ ያልቃል። ነፋስ የበዛበት ደግሞ መሃሉ ያብጥና በመሃሉ ይሄዳል፣ መሃሉ ያልቃል። ጎማ ታሪኩን ፊቱ ላይ ጽፎ ነው የሚጣለው። አማቼ ይህን ሲነግረኝ እኔ ምን አልኩ? «መንገዱ ነው» አልኩ። የሰበታ መንገድ ከእኔ የባሰ ስም ስላለው ሰውየው አመነኝ።

በዚያው ብቆም ኖሮ ኃጢአቴ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሆን ነበር። አልቆምኩም። እህቴ ሱሉልታ ትኖራለች፤ ልጇ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ያገለገለ የተራራ ብስክሌት ተገዝቶለታል። አንድ ቀን ጎማውን ሊነፋ ሲታገል ደረስኩ። ከጓደኛው የተዋሰው የእግር መንፊያ መለኪያው በባር ብቻ ነው። የብስክሌቱ ጎማ ጎን ላይ ደግሞ በላስቲኩ በራሱ ከተቀረጹት ፊደላት መካከል የሚነበበው ከፍተኛው 65 ፒኤስአይ መሆኑ ነው። «ይሄን ለእኔ ተወው» አልኩት። ከ65 ላይ አሥር፣ 55። ነጥብ፣ 5.5። እጅጌዬን ሰብስቤ ቀስቷ 5.5 ላይ እስክትቆም ነፋሁ። መጨረሻ ላይ መንፊያው ላይ በሰውነቴ ክብደት መተኛት ነበረብኝ፤ ይህም አንድ ነገር ሊያስታውሰኝ ይገባ ነበር። ጎማውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ድንጋይ ሆኗል። «ጎማ ማለት እንዲህ ነው!» ብዬ ለልጁ አስረከብኩት።

5.5 ባር 80 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ጣሪያው 65 ለሆነ ጎማ 80 ሞላሁለት። ሰበታ ላይ ያጎደለችው ያችው ደንብ ሱሉልታ ላይ አበዛች፤ ከባር ወደ ፒኤስአይ ስሄድ ታሳንሳለች፣ ከፒኤስአይ ወደ ባር ስሄድ ታተርፋለች። በዚያ ላይ ሌላም ጥፋት አለ። ጎማ ጎን ላይ የሚጻፈው ከፍተኛ ቁጥር አትለፉኝ የሚል ወሰን ነው እንጂ ይህን ሙሉልኝ የሚል ትእዛዝ አይደለም። አባጣ ጎርባጣ መንገድ ላይ ለሚነዳ ቀላል ልጅ ከዚያ በብዙ ያነሰ ይበቃው ነበር። እኔ ወሰኑን እንደ ግብ ቆጥሬ፣ ግቡንም በተሳሳተ ደንብ አልፌው ሄድኩ።

ልጁ ብስክሌቱን ቆርቆሮው አጥር ላይ አስደግፎ ለምሳ ገባ። የነፋሁት በጠዋቱ ብርድ ነው፤ አየሩ 15 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ነው። የቀትር ፀሐይ ከቆርቆሮው ጋር ተጋግዛ ጥቁሩን ጎማ 40 ዲግሪ ብታደርሰው፣ በውስጡ የታፈነው አየር ሌላ ግማሽ ባር ይጨምራል። 5.5 የነበረው 6 ባር ደረሰ ማለት ነው፤ ወደ 87 ፒኤስአይ። እንጀራው ሳይቆረስ ውጭ ፈነዳ። እህቴ የጋዝ ሲሊንደር መስሏት ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ስንወጣ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ የውስጡ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀዶ ከጎኑ ተዘርግቷል። ልጁ ያን ጊዜ አጠገቡ አለመቀመጡን ተመስገን እላለሁ።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን አስረዳሁ። «ሱሉልታ ከፍታ ነው» አልኩ። «እንጦጦን ተሻግረህ ነው የምትመጣው፤ አየሩ ቀጭን ነው፤ ከውጭ የሚገፋው ሲቀንስ የውስጡ ያብጣል። እኔ በቡራዩ ሒሳብ ነው የሠራሁት።» ንግግሩ አማረኝ። ከዚህም የከፋው ነገር ግማሽ እውነት ያለበት መሆኑ ነው። መለኪያ የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከውጭ ያለው አየር ሲሳሳ ያው የታሸገ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ግን ስንት ነው? የሱሉልታ አየር በ0.73 ባር ገደማ ይገፋል፣ ወደ 400 ሜትር ዝቅ የምትለው ሰበታ ደግሞ በ0.77 ገደማ። ልዩነቱ 0.04 ባር ነው፤ ግማሽ ፒኤስአይ ያህል። ከጅቡቲ ወደብ እስከ እኛ ድረስ ለሚወጣ ጎማ እንኳ ልዩነቱ ሦስት አራት ፒኤስአይ ቢሆን ነው። ደግሞስ ጎማውም መንፊያውም ሱሉልታ፣ የነፋሁትም ሱሉልታ። የቱ ከፍታ ነው መሃል የገባው?

የጣለኝ ያ ልጅ ነው። ሳይቆጣ፣ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ደንብህን ልጻፋት» አለኝ። ነገርኩት። ጥቂት አሰበና፣ «እሺ፣ ባዶ ጎማ ዜሮ ፒኤስአይ ነው አይደል? ስንት ባር ነው?»

ከዜሮ ላይ አሥር ቀነስኩ። ነጥብ አስገባሁ።

«አንድ ባር... ከዜሮ በታች» አልኩ።

«10 ፒኤስአይ የተነፋስ?»

«ዜሮ።»

ደብተሩን ዘጋው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ከዚያም ይብሳል። ሱሉልታ ላይ የጎማው አየር በሙሉ ተመጥጦ ቢወጣ፣ ውስጡ አንዲት ቅንጣት ባይቀር፣ መለኪያው ከዜሮ በታች 0.73 ነው የሚያሳየው። በእኔ ደንብ የተቀመጠው ባዶ ጎማ ውስጥ ያለው ከባዶነትም ያነሰ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም የለም፤ ቡራዩ ውስጥ ግን ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት ኖሯል።

የጉዳዩ ሥር ይህች ዜሮ ናት። ፒኤስአይም ባርም የሚነሱት ከአንድ ቦታ ነው፤ የአንዱ ዜሮ የሌላው ዜሮ ነው። ከአንድ ዜሮ የሚነሱ መለኪያዎች ደግሞ በማባዛትና በማካፈል ብቻ ነው የሚለዋወጡት፤ መቀነስና መደመር ቦታ የላቸውም። የእኔ ደንብና እውነቱ የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ 32 ፒኤስአይን ጥቂት አለፍ ብሎ። ከአዲስ አበባ ተነስተው አንዱ በቡራዩ ወደ አምቦ፣ ሌላው በሰበታ ወደ ጅማ እንደሚሄዱት መንገዶች፣ ከመገናኛቸው በራቁ መጠን እርስ በርስ ይራራቃሉ። 65 ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው አንድ ባር ሙሉ ገብቷል። እኔ ደንቧን የሞከርኳት ሁልጊዜ መገናኛው ላይ ቆሜ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ልክ ነበርኩ።

ለምን መቀነስ እንደቀናኝ ሳስበው ጥፋቱን ለሁላችንም ማካፈል ያምረኛል። እኛ ከፈረንጅ ጋር የምንለዋወጠው ነገር ሁሉ በመቀነስ ነው። ሰዓት ሲሆን ስድስት ታነሳለህ። ዓመተ ምሕረት ሲሆን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ይህን በእንቅልፍ ልባችን እንሠራዋለን። ስለዚህ ፈረንጅ 33 ሲል እኛ ጋ 23 ቢሆን ምን ይገርማል? ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ሰዓታችንና ዘመናችን የሚቆጠሩት ከሌላ ቦታ ተነስተው ነው እንጂ የእኛ ሰዓት ርዝመቱ ከእነሱ አይለይም። በነፋስ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መነሻው አንድ፣ የእርምጃው ርዝመት ግን የተለያየ።

የእርምጃውም ልዩነት ከሰማይ የወረደ አይደለም። አንድ ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ከጥቂት ግራም እንደሚጫን ያህል ነው። ፒኤስአይ የሚቆጥረው ግን በካሬ ኢንች ላይ ስንት ፓውንድ እንደሚያርፍ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ስለሆነ በአንድ ካሬ ኢንች ውስጥ 6.45 ካሬ ሴንቲሜትር አለ። በዚያ ሁሉ ላይ የሚያርፈው ክብደት 6.58 ኪሎ ነው፤ ፓውንድ ደግሞ ግማሽ ኪሎ እንኳ ስለማይሞላ ያ ወደ 14.5 ፓውንድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ከዚህ ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር የለም።

ለአእምሮ ሒሳብ የምትመቸው ደንብ እንዲያውም ከእኔዋ አትረዝምም። ከፒኤስአይ ወደ ባር ሲሆን በሰባት አባዛና ሁለት ቤት ወደ ግራ ነጥብ አስገባ። 33 በሰባት 231፣ 2.31 ባር፤ ትክክለኛው 2.28 ነው። 65 በሰባት 455፣ 4.55 ባር፤ ትክክለኛው 4.48። በጣም ጥቂት ከፍ ትላለች፣ ግን የትም ብትሄድ በዚያችው ጥምርታ ነው ከፍ የምትለው፤ ዜሮን ስትሰጣት ዜሮ ትመልሳለች። ከባር ወደ ፒኤስአይ ሲሆን በ14 አባዛና የባሩን ግማሽ ጨምር። የአማቼ 4.5 በ14 ሲባዛ 63 ነው፤ ግማሹ ሁለት ከሩብ ይጨመራል፤ 65 ከሩብ። ለዚህ ዓይንን ወደ ሰማይ ማንሳት ተገቢ ነው፤ በእርግጥ እያሰብክ ነውና።

ይህን ሁሉ ከተማርኩ በኋላ የመኪናዬን የኋላ ኮፈን ከፈትኩ። እዚያ ከስኮርታው ጎማ አጠገብ በመኪናው የሲጋራ ማቀጣጠያ ላይ የሚሰካ ትንሽ ኮምፕሬሰር አለኝ። የመለኪያዋ ፊት ሁለት ክብ አላት፤ በውጭው ፒኤስአይ፣ በውስጠኛው ባር፣ ቀስቷ ደግሞ አንድ ናት፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ታነባለች። በውጭ 100 ከሚለው ትይዩ በውስጥ 7 ለመድረስ ጥቂት ይቀራል፤ የእኔ ደንብ እዚያ ላይ 9 ነው የምትለው። ይህች መለኪያ ከቪትዟ ጋር ነው የተገዛችው። ደንቤን ከማውጣቴም በፊት እዚያው ኮፈን ውስጥ ነበረች፤ ስጠቀምባትም የማየው የውጩን ክብ ብቻ ነበር። የውስጡን ለጌጥ ያደረጉት መስሎኝ ነበር።

ለአማቼ ደውዬ ነገርኩት። መንገዱን ይቅርታ ልጠይቀው ይገባ እንደነበርም አመንኩ። ለልጁ የውስጥና የውጭ ጎማ ገዛሁለት፤ ነፋሱን ራሱ ሞላው፣ 3 ባር፣ እኔን ሳያማክር። የቡራዩ ጎሚስታም ዛሬ 33 ስለው በሬን ከፍቶ ወረቀቱን ያያል፤ ልክ በሆንኩበት ቁጥር እንኳ የሚያምነኝ ሰው የለም። ዘመዶቼ ሙሉ በሙሉ ግን አልጣሉኝም። የፓስፖርት ቀን ወደ ፈረንጅ ዘመን መለወጥ ሲኖርባቸው፣ ወይ የአውሮፕላን ሰዓት በእኛ ስንት እንደሆነ ሲቸገሩ፣ ዛሬም የሚደውሉት ለእኔ ነው። እዚያ ላይ መደመርና መቀነስ ይበቃል።